የጥጥ ልብስ በመጀመሪያው እጥበት ለምን ይሰበሰባል?

ልምድ ያላቸው ልብስ ሰፊዎች ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ ሲመጣላቸው መቀስ ከማንሳታቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ «ውኃ ነክቶታል?» መልሱ «አልነካውም» ከሆነ ጨርቁ ተነክሮ፣ ደርቆና ተተኩሶ እንዲመለስ ያዛሉ። በዓል የደረሰበት ደንበኛ በዚህ ጊዜ ፊቱን ያጠቁራል፤ ሁለት ቀን ይባክንበታልና። ሰፊው ግን የሚፈራው ነገር አለ። ዛሬ በልክ የተሰፋው ሸሚዝ አንዴ ከታጠበ በኋላ እጅጌው ከእጅ አንጓ በላይ ሸሽቶ፣ ኮሌታው አንገት የሚያንቅ ሆኖ ቢገኝ ጨርቁን የሚወቅስ የለም፤ የሚወቀሰው እሱ ነው።

ልብስ ሲያጥር ሰው የሚሰጠው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ «ሙቅ ውኃ አኮማተረው» ይባላል፣ ወይ «ጥጡ እርካሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስቱታል። በቀዝቃዛ ውኃ የታጠበ የጥጥ ልብስም ይሰበሰባል፤ በጣም ውድ ከሆነ ምርጥ ጥጥ የተሠራም ይሰበሰባል። የበለጠ የሚገርመው ደግሞ የጥጡ ፋይበር ራሱ ውኃ ውስጥ ሲገባ አለማጠሩ ነው። እንዲያውም በመጠኑ ይረዝማል። የሚያጥረው ከእሱ የተሠራው ጨርቅ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከማሳው ላይ ነው። የጥጥ ፍሬ ከመፈንዳቱ በፊት ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ፋይበር በፈሳሽ የተሞላ ቀጭን ቱቦ ነው። ፍሬው ፈንድቶ ፀሐይ ሲያገኘው ፈሳሹ ይደርቃል፤ ቱቦው ተጨፍልቆ ይተኛና እዚህም እዚያም የተጠማዘዘ ጠፍጣፋ ነገር ይሆናል። ለቀሚስና ለሸሚዝ የሚውለው የተለመደው ጥጥ ርዝመቱ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ስፋቱ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ለሃምሳ ቢከፈል የሚገኘውን ያህል ቢሆን ነው። ይህ ቀጭን ነገር ከሞላ ጎደል ሴሉሎስ ከሚባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ሲሆን፣ ሴሉሎስ ደግሞ ውኃ ይወዳል። በተለመደ አየር ውስጥ የተቀመጠ 100 ግራም ደረቅ ጥጥ ከአየሩ ብቻ ስምንት ግራም ያህል እርጥበት ይስባል። ተመሳሳይ ክብደት ያለው ፖሊስተር የሚስበው ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም።

ውኃው ፋይበሩ ውስጥ ሲገባ የት ነው የሚቀመጠው? ሴሉሎስ እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ረጅም ሞለኪውል ነው፤ እነዚህ ሰንሰለቶች በአብዛኛው የፋይበሩን ርዝመት ተከትለው ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ውኃ ሰንሰለቱን መበጠስ አይችልም። በሰንሰለቶቹ መሐል እየገባ ወደ ጎን ይገፋቸዋል እንጂ። ስለዚህ የረጠበ የጥጥ ፋይበር ያብጣል፤ ውፍረቱ በ20 በመቶ ያህል ይጨምራል። ርዝመቱ ላይ የሚታየው ለውጥ ግን አንድ በመቶ ግድም ብቻ ነው። ይህን የወፍራምና የረጅም ልዩነት የያዘ ሰው የቀረውን በቀላሉ ይከተላል።

ሌላም ነገር አለ። ጎን ለጎን ያሉት ሰንሰለቶች የሃይድሮጅን ትስስር በሚባል ደካማ ኃይል ተያይዘዋል። አንዱ ትስስር ለብቻው ኢምንት ነው፤ ብዛታቸው ግን ጨርቁ የያዘውን ቅርጽ እንዳይለቅ ያደርገዋል። የተኮማተረ የጥጥ ሸሚዝ በደረቁ ሲተኮስ እምቢ የሚለው፣ ውኃ ሲረጭበት ግን ወዲያው የሚቃናው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃው የነበረውን ትስስር ይፈታል፤ ካውያው ጨርቁን ዘርግቶ ሲያደርቀው አዲስ ትስስር ይፈጠራል። ደርቆ የተወጠረ ጥጥ እንደተወጠረ ይቀራል፤ የወጠረው ነገር ቢለቀው እንኳ ውኃ እስኪያገኘው ድረስ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ይህን ይዞ ወደ ሽመናው መሄድ ይቻላል። አንድ ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ሲሠራ ከፊቱ ርቆ ከተተከለው እንጨት ጀምሮ እስከ ጉያው ድረስ የተዘረጋው ክር ድሩ ነው። ድር ካልተወጠረ ሽመና የለም። ክሩ ከላላ በእግር መርገጫው ሲከፈት በደንብ አይለያይም፤ መወርወሪያው ይያዛል፤ ጨርቁም ወጣ ገባ ይሆናል። ስለዚህ ድሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በውጥረት ላይ ነው። በመወርወሪያ ግራና ቀኝ የሚመላለሰው ማግ ግን እንደዚያ አይወጠርም፤ እየተለቀቀ ነው የሚገባው። አፈታተላቸውም ይለያያል። ድር ውጥረቱን እንዲችል ጠንከር ተደርጎ ይከረራል፤ ማጉ ላላና ለስላሳ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያለው ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ማሽኑ ይበልጥ ይፈጥናል፣ ውጥረቱም ይበረታል፣ ድሩም እንዳይበጠስ ስታርች ይቀባል።

በውጥረት የተሠራው ጨርቅ ከዕቃው ላይ ተቆርጦ ሲወርድ ጥቂት ይሰበሰባል። አብዛኛው ውጥረት ግን በክሩ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሊታጠብ፣ ሊነጣ፣ ቀለም ሊነከር ይችላል፤ በፋብሪካ ውስጥ በእያንዳንዱ ደረጃ ጨርቁ በረጅሙ እየተጎተተ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ያልፋል፤ እንደተጎተተም ይደርቃል። ገበያ ላይ የሚለካው ሜትር እንግዲህ የተጎተተው ሜትር ነው ማለት ነው። ሻጩ አላጭበረበረም። ጨርቁ ግን ያልተከፈለ ዕዳ ይዞ ነው የሚሸጠው።

የመጀመሪያው እጥበት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። አንደኛ፣ ውኃው ትስስሩን ፈትቶ የተወጠረውን ድር ይለቀዋል፤ ክሩም ወደ ተፈጥሯዊ ርዝመቱ ይመለሳል። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ከማበጡ ጋር የተያያዘ ነው። ድር በጨርቅ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በአንዱ ማግ ላይ ወጥቶ በሚቀጥለው ሥር ይገባል። ማጉ በውኃ ሲያብጥ ድሩ የሚዞረው ነገር ወፈረ ማለት ነው። ወፍራም ነገር ለመዞር ረጅም ክር ያስፈልጋል፤ ድሩ ግን አልረዘመም። ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ ማጎቹ እርስ በርስ ይጠጋጋሉ። ድሩ ይበልጥ ይጠማዘዛል፣ ጨርቁ ያጥራል፣ ውፍረቱ ይጨምራል። ከታጠበ በኋላ አንዳንድ ጨርቅ ጠቅጠቅ ያለና ደልደል ያለ ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ሰው ቀላል መንገድ አለ። አዲስ ጨርቅ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር በእስክሪብቶ ተለክቶ ምልክት ይደረግና ይታጠባል። ከደረቀ በኋላ በሁለቱ ምልክቶች መሐል ያለው ርቀት 47 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይገኛል እንበል። አሁን ከዚያው ጨርቅ በምልክቶቹ መሐል ያለውን አንድ የድር ክር መዝዞ፣ ጠመዝማዛው እስኪቃና ድረስ ቀስ ብሎ ዘርግቶ መለካት ነው። ክሩ ከ47 ይረዝማል፤ ወደ 50ው ይጠጋል። ከጠፋው ሦስት ሴንቲ ሜትር አብዛኛው ጨርቁ ውስጥ አለ፤ በጥምዝምዙ ውስጥ ተደብቋል።

ሲደርቅስ ለምን አይመለስም? ፋይበሩ ውኃውን ሲለቅ ወደ ቀድሞ ቅጥነቱ ይመለሳል፤ ይሁን እንጂ የተጠጋጉትን ክሮች መልሶ የሚጎትታቸው የለም። በአዲሱ ቦታቸው ላይ አዲስ ትስስር ይፈጠርና ባሉበት ይቆያሉ። ሁለተኛው እጥበት የመጀመሪያውን ያህል የማያሳጥረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚለቀቅ ውጥረት ብዙም አልቀረም። ድርና ማግ ያለው ጨርቅ የዕዳውን አብዛኛውን በመጀመሪያው እጥበት ከፍሎ፣ በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት እጥበቶች የተረፈችውን ጥቂት ያወራርዳል።

በእጅ የተፈተለ ጥጥ ላይ አንድ የተለየ ነገር ይታያል፤ ሰፊዎችንም የሚያሳስተው ይህ ነው። ጥሬ ጥጥ ላዩ ላይ የተፈጥሮ ሰም አለው። መጠኑ ከክብደቱ አንድ በመቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ነገር ግን ውኃ እንዳይገባ ለመከልከል ይበቃል። ፋብሪካ ጨርቁን በአልካሊ ቀቅሎ ይህን ሰም ያስወግደዋል። ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት የተፈተለ ማግ ግን ሰሙን እንደያዘ ነው የሚሸመነው። እንዲህ ያለውን ነጠላ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ነክሮ ማውጣት ጨርቁን ከላይ ያረጥበው ይሆናል እንጂ ፋይበሩ ውስጥ በደንብ አይገባም። ባለቤቱ «ውኃ ነክቶታል» ይላል፤ ሰፊውም አምኖ ይቆርጣል። በኋላ ልብሱ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ሲታጠብ ሰሙ ይለቃል፤ መሰብሰቡም ያኔ ይጀምራል። መፈተኛው አንድ ጠብታ ውኃ ነው። ጠብታው ጨርቁ ላይ ክብ ሆኖ ከቆየ ጥጡ ገና አልተከፈተም፤ ወዲያው ከጠጣው ተከፍቷል።

የነጠላና የቀሚስ ጥለትም በዚህ ጊዜ ጉዱን ያወጣል። መሬቱ ጥጥ ሆኖ ጥለቱ ውኃ በማይጠጣ ሰው ሠራሽ ክር ከተሠራ፣ ጥጡ ሲሰበሰብ ጥለቱ እንደነበረው ይቀራል። አንድ ላይ የተሸመኑ ሁለት ነገሮች ርዝመታቸው ሲለያይ ረጅሙ መሄጃ ስለሚያጣ ይነሳል፤ ጥለቱ ማዕበል ይሠራል። ካውያ ለጥቂት ሰዓት ያስተኛዋል፤ በሚቀጥለው እጥበት ተመልሶ ይነሳል። ጥጥ ልብስ ላይ የሚሰፋ ዚፕና በፖሊስተር ክር የተሰፋ ስፌትም ይህንኑ ያሳያሉ። ጨርቁ አጥሮ ክሩ ሳያጥር ሲቀር ስፌቱ ይጨማደዳል።

የጨርቁ አሠራርም የራሱ ድርሻ አለው። ሳሳ ብሎ የተሸመነ፣ ወደ ብርሃን ሲያዝ ቀዳዳው የሚታይ ጨርቅ ክሮቹ የሚጠጋጉበት ሰፊ ቦታ አለው። ክሮቹ ከመጀመሪያውም ተጠቅጥቀው የተሠሩ ከሆነ ግን የሚሄዱበት ያጣሉ። ጨርቁ ግን ጥቅጥቅ ቢሆንም ድሩ በጣም ተወጥሮ ከተሠራ ነገሩ ይለወጣል። ለዚህ ጂንስ ጥሩ ምስክር ነው። የሊቫይስ ኩባንያ 501 የሚባለውን ሱሪ አስቀድሞ ሳይሰበሰብ፣ ገዢው አጥቦ በገላው ልክ እንዲያመጣው አድርጎ እስከ ዛሬም ይሸጣል። ይህ ሱሪ በእጥበት እስከ 10 በመቶ ያጥራል። እግሩ 34 ኢንች የሆነውን የገዛ ሰው ሦስት ኢንች ያህል ሊያጣ ይችላል፤ ይህ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚያስቀር ነው። ገዢዎቹም ስለሚያውቁት ረዘም ያለውን ይመርጣሉ።

ቲሸርት ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ድርና ማግ የሚባል ነገር የለም። ጨርቁ እንደ ሹራብ ከአንድ ዓይነት ክር በቀለበት የተያያዘ ነው፤ አንዱ ቀለበት ከሥሩ ባለው ውስጥ ያልፋል። ቀለበት ደግሞ ቅርጹን በቀላሉ ይለውጣል፤ ከላይና ከታች ሲጎተት ረጅምና ጠባብ ይሆናል፣ ሲለቀቅ አጭርና ሰፊ። የቲሸርት ጨርቅ በማቅለሚያውና በማድረቂያው ውስጥ ሲያልፍ በረጅሙ ስለሚጎተት ቀለበቶቹ ሁሉ ተለጥጠው ይደርቃሉ። ልብሱ ሱቅ ውስጥ ሲሰቀል ቀጠን ያለና ረጅም ሆኖ የሚታየው ያ ነው። ሲታጠብ ቀለበቶቹ ወደ ዕረፍት ቅርጻቸው ይመለሳሉ፤ ቁመቱ ያጥራል፣ ወርዱ ግን ባለበት ይቆያል ወይም ይሰፋል። አዲስ ቲሸርት የለበሰ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ እጁን ሲያነሳ እምብርቱ የሚታየው፣ ትከሻው ላይ ግን ልብሱ ያልጠበበው ለዚህ ነው።

ቀለበቱ በአንድ እጥበት ብቻም አይረጋም። ፋይበሩ እየረጠበና በእጥበት እየተገላበጠ ሲሄድ በቀለበቶቹ መሐል ያለውን ሰበቃ ጥቂት በጥቂት ያሸንፋል፤ ስለዚህ ቲሸርት እስከ አራትና አምስት እጥበት ድረስ እየተሰበሰበ ሊቀጥል ይችላል። ገበያው ይህን ስለሚያውቅ ብዙ ገዢ ኩባንያዎች ለሹራብ መሰል ጨርቅ እስከ አምስት በመቶ፣ ለተሸመነው ግን እስከ ሦስት በመቶ ድረስ ብቻ ይታገሣሉ።

ርካሽ ቲሸርት ላይ የሚታይ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የጎኑ ስፌት ከብብት ተነስቶ ወደ እምብርት አቅጣጫ ይዞራል። ሰፊው አልተሳሳተም። ክሩ በመፈተል ጊዜ የተከረረበት ኃይል ውስጡ አለ፤ ሲረጥብ ነፃነት ያገኝና ሊፈታ ይታገላል፤ በዚህም ቀለበቶቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላቸዋል። ጨርቁ እንዲዋብ ተብሎ ቀጥ ተደርጎ ደርቆ ከነበረ፣ እውነተኛ ዝንባሌው የሚወጣው በገዢው ቤት ነው።

ፋብሪካዎች ለዚህ ችግር መላ ያገኙት ከጠቅላላው የሽመና ታሪክ አንጻር ሲታይ ትናንት ነው ማለት ይቻላል። በኒው ዮርክ ግዛት ትሮይ በምትባል ከተማ ክሉየት፣ ፒቦዲ ኤንድ ካምፓኒ የሚባል የኮሌታና የሸሚዝ አምራች ነበር። ቀደም ሲል ወንዶች ከሸሚዙ የሚነጠል ደረቅ ኮሌታ ያደርጉ ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ከሸሚዙ ጋር የተሰፋ ለስላሳ ኮሌታ ተወደደ። የተሰፋው ኮሌታ ከሸሚዙ ጋር ይታጠባል፤ ሲታጠብም ያንቃል። ለአንድ ሸሚዝ ኩባንያ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ከቤተሰቡ አባላት አንዱ የሆነው ሳንፎርድ ክሉየት ችግሩን በቀጥታ ያዘው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ፋብሪካው ጨርቁን ጎትቶ ካስረዘመው፣ ከመሸጡ በፊት ራሱ ፋብሪካው ገፍቶ ያሳጥረው። የፈጠራ መብቱን በ1930 አገኘ፤ ሂደቱም በስሙ ሳንፎራይዝ ተባለ።

ጨርቅን መጎተት ቀላል ነው፤ መግፋት ግን እንዴት ይቻላል? ጨርቅ ሲገፉት ይታጠፋል እንጂ አያጥርም። መላው ወፍራም የላስቲክ ቀበቶ ላይ ነው ያለው። ላጲስ ሲታጠፍ በውጪ በኩል ያለው ገጹ እንደሚለጠጥ፣ ወደ ሌላው ጎን ሲታጠፍ ደግሞ ያው ገጽ እንደሚኮማተር ሁሉ፣ ቀበቶውም ሲሊንደሩን ሲዞር የላይኛው ገጹ ይለጠጣል። በእንፋሎት የረጠበው ጨርቅ በዚያች ቅጽበት በተለጠጠው ገጽ ላይ ይጣበቃል። ቀበቶው ቀጥሎ በሞቀ ሲሊንደር ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲታጠፍ ገጹ ያጥራል፤ የተጣበቀውን ጨርቅም ይዞት ያጥራል። በዚህ ጊዜ ሲሊንደሩ ከላይ ስለተጫነው ጨርቁ ሊታጠፍ አይችልም፤ ማጎቹ እየተጠጋጉ መግባት ብቻ ነው ያላቸው። ወዲያው በትልቅ የጋለ ከበሮ ላይ ሳይጎተት ይደርቅና አዲሱ ርዝመቱ ይጸናል። በአግባቡ የተሠራ ጨርቅ ከዚህ በኋላ ገዢው ቤት ሲታጠብ የሚያጥረው አንድ በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው።

እዚህ ላይ የፋብሪካው ሒሳብም ይታያል። ሰባት በመቶ የሚሰበሰብ ጨርቅ በዚህ ማሽን ሲያልፍ ከመቶው ሜትር 93ቱ ብቻ ይወጣል። ጨርቅ የሚሸጠው በሜትር ስለሆነ ሰባቱ ሜትር ከአምራቹ ኪስ ነው የሚሄደው። ርካሽ ጨርቅ ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው እንግዲህ ጥጡ ስለከፋ ብቻ አይደለም፤ ያንን ሰባት ሜትር ማንም ሊያጣው ስላልፈለገ ለገዢው ተላልፎ ነው።

ሰፊ ወይም ገዢ አንድን ያልታወቀ ጨርቅ ቤት ውስጥ ሊፈትነው ይችላል። ከጨርቁ ጫፍ ራቅ ብሎ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን በማይለቅ እስክሪብቶ ወይም በተለየ ቀለም ክር ይሰመራል፤ የድሩ አቅጣጫም ምልክት ይደረግበታል። ድሩ የትኛው እንደሆነ ከጠፋ ጠርዙን ማየት ይበቃል፤ ያልተቆረጠው የጨርቁ ዳር የሚሄደው ሁልጊዜ ከድሩ ጋር ነው። ከዚያ ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት መንገድ ይታጠባል። በማሽን የሚታጠብ ከሆነ በማሽን፣ በእጅ ከሆነ በእጅ። ሳይጎተት ደርቆ ይለካል። በድሩ በኩል 46.5፣ በማጉ በኩል 48.5 ሴንቲ ሜትር ቢመጣ ጨርቁ በቁመቱ ሰባት፣ በወርዱ ሦስት በመቶ ተሰብስቧል። ከዚህ ጨርቅ 140 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀሚስ የምትፈልግ ሴት ሳታጥብ ብታሰፋው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ታጣለች፤ ወገቡ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይጠብባታል። ጨርቁን ሳያጥብ ለመቁረጥ የተገደደ ሰፊ 140ን ለ0.93 አካፍሎ 150 ሴንቲ ሜትር ተኩል አድርጎ ይቆርጣል። ይህ ግን የተሻለው መንገድ አይደለም። ስፌቱ፣ ዚፑና ገበሩ ከጨርቁ ጋር እኩል ስለማያጥሩ ልኩ ቢመጣ እንኳ መልኩ ይበላሻል።

ሙቀት ታዲያ ምንም አያደርግም? ያደርጋል፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። ሙቅ ውኃ በሰሙም ሆነ በስታርቹ መሐል ቶሎ ያልፋል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛው ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚወስደውን በአንዴ ይጨርሰዋል። የበለጠ ጉዳት ያለው በማድረቂያ ማሽን ውስጥ ነው። ገመድ ላይ የተሰጣ እርጥብ ልብስ የውኃው ክብደት ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ይህም ከመሰብሰቡ ጥቂት ይቀንስለታል። በሚሽከረከር ማድረቂያ ውስጥ ግን ልብሱ እየረጠበ፣ እየተገላበጠና እየተንቀጠቀጠ ስለሚደርቅ ክሮቹ የሚሄዱበትን ርቀት ሁሉ ይሄዳሉ። አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ከአገር ቤት የተላከላቸውን ጋቢና ቀሚስ ከሌላው ልብስ ጋር ማድረቂያ ውስጥ ከተው ያጡት እንዲህ ነው። ፋብሪካ አስቀድሞ ያልሰበሰበው የእጅ ሥራ ለዚህ ዕቃ የተዘጋጀ አይደለም። በጥላ፣ በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግቶ ቢደርቅ ይሻለዋል። ሱፍ በማሽን ሲታጠብ የሚደርስበት ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የሱፍ ጸጉር ላዩ ቅርፊት ስላለው እርስ በርስ ይያያዝና እስከ መጨረሻው ይጠቀጠቃል፤ ሊመለስም አይችልም።

ጥጥ ግን በከፊል ይመለሳል። ያጠረ ቲሸርት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ውኃው ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ይወጣለታል፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከትከሻው ወደ ታች በእጅ እየተሳበ ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ይተዋል። ቀለበቶቹ ይለጠጣሉ፤ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ማግኘት ይቻላል። ድርና ማግ ያለው ጨርቅ ግን እምብዛም አይለጠጥም፤ እርጥብ ሆኖ እየተሳበ ቢተኮስ ጥቂት ይሰጣል። ያም ቢሆን የሚቆየው እስከሚቀጥለው እጥበት ነው፤ በእጅ የተሳበው ውጥረት ሽመናው ላይ ከነበረው ውጥረት ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ውኃ ሲያገኘው እንደገና ይለቃል።